አንቀጸ ብፁዓን ምልክት የሚደረግበት ሰንጠረዥ አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው በራሴ ስሕተት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በእሑድ ጉባኤያችን አንቀጸ ብፁዓንን እንዳስተምር ተመደብሁ። ጉባኤያችን እንደምታውቁት የአንድ ዕድሜ ጉባኤ አይደለም። ከፊት ምንጣፉ ላይ ሕፃናት ይቀመጣሉ፤ ከኋላቸው እኩዮቼ የሆኑ ወጣቶች አሉ፤ በግራና በቀኝ አግዳሚዎች ላይ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታቸው ያልሄዱ እናቶችና አባቶች ይቀመጣሉ። ለእነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሆን ትምህርት እንዴት እንደማዘጋጅ ስጨነቅ፣ በዩኒቨርሲቲ የለመድሁት መንገድ ታየኝ። ሰንጠረዥ ሠራሁ።

በአንድ ገጽ ላይ ዘጠኝ መስመር አሰመርሁ። በየመስመሩ መጀመሪያ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ከቁጥር 3 እስከ 12 ብፁዓን ያላቸውን ጻፍሁ፤ በመንፈስ ድሆች፣ የሚያዝኑ፣ የዋሆች፣ ጽድቅን የሚራቡና የሚጠሙ፣ የሚምሩ፣ ልበ ንጹሖች፣ የሚያስታርቁ፣ ስለ ጽድቅ የሚሰደዱ፣ ስለ ስሙ የሚነቀፉ። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ለሳምንቱ ሰባት ቀናት ሰባት ሣጥኖች አደረግሁ። ወረቀቱን አባዝቼ አደልሁና «በየዕለቱ የፈጸማችሁትን ምልክት አድርጋችሁ በሚመጣው እሑድ አምጡት» አልሁ። ትምህርቱን ለሕፃን የማይከብድ፣ ለአዋቂም የሚጠቅም ያደረግሁት መስሎኝ ነበር።

ሦስት ወረቀቶች

በሚቀጥለው እሑድ ብዙ ወረቀት ተመለሰልኝ። ከእነዚያ ሁሉ ግን ሦስቱን እስከ ዛሬ አልረሳቸውም።

የመጀመሪያውን ያመጣችው ዐሥር ዓመት ያህል የሚሆናት ልጅ ናት። ስድሳ ሦስቱንም ሣጥኖች በቀይ እስክሪብቶ ሞልታቸዋለች። በመንፈስ ድሃ ሰባት ቀን፣ ልበ ንጹሕ ሰባት ቀን፣ ስለ ጽድቅ የተሰደደች ሰባት ቀን። ጎበዝ እንድላት ቆማ ስትጠብቀኝ እኔም «ጎበዝ» አልኋት። ወዲያው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህን ወረቀት ሙሉ በሙሉ የሞላ ሰው የመጀመሪያውን መስመር እንዴት ሊሞላው ቻለ? በመንፈስ ድሃ መሆን በእግዚአብሔር ፊት እጄ ባዶ ነው ማለት ከሆነ፣ ዘጠኝ ከዘጠኝ ያገኘ ሰው በዚያው ቅጽበት የመጀመሪያውን አጥቷል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊም ወደ መቅደስ የገባው እንዲህ ያለ የተሞላ ወረቀት ይዞ ነበር፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ መጾሙንና ዐሥራት ማውጣቱን ቆጠረ። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን የሚቆጥረው ነገር ያልነበረው ቀራጭ ነው። እኔ ታዲያ ይህችን ሕፃን ሳላውቅ የፈሪሳዊውን ጸሎት አስተምሬያት ነበር።

ሁለተኛው ወረቀት ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ የሚማር ወጣት ነው። አራት ቦታ ታጥፎ፣ አንድም ምልክት ሳይደረግበት በመጽሐፌ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ወጣቱ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ከጉባኤ ቀረ። ፈልጌ ሳገኘው «እኔ ለዚህ አልሆንም፤ ዘጠኙንም አየሁት፣ አንዱም የለኝም» አለኝ።

ሦስተኛው ወረቀት ገና በእጅ ላይ ነበር። አንዲት እናት እስክሪብቶ ይዘው ወደ እኔ መጡና የሁለተኛውን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ልጄን ከቀበርሁ ዓመት አልሞላኝም። ‹የሚያዝኑ› የሚለው ላይ ምልክት ላድርግበት ወይስ እርሱ ሌላ ኀዘን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱን ተቀብያቸው ዝም አልሁ።

የጎደለው ግማሽ

በዚያው ሳምንት ወረቀቱን ይዤ ወደ መምህሬ ሄድሁ። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩትና «ልጄ፣ ግማሹ የት ሄደ?» አሉኝ። «የኔታ፣ ዘጠኙም አሉ» አልኋቸው። «ዘጠኝ ግማሽ አለ፤ ዘጠኝ ግማሽ የለም» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ።

ወንጌሉን ገልጬ ሳየው የኔታ ያሉት እውነት ነበር። የጌታችን ቃል በእያንዳንዱ መስመር ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ብፁዓን የተባሉት እነማን እንደሆኑ ይናገራል፤ በሁለተኛው ለምን ብፁዓን እንደተባሉ ይናገራል። ሁለቱን የምታያይዘው ቃል በግእዙ «እስመ» ናት፤ በአማርኛው ደግሞ በግሡ መጨረሻ የምትቀመጠው «ና» ናት። የሚያዝኑት ብፁዓን የተባሉት ማዘናቸው መልካም ሥራ ሆኖ ስለተቆጠረላቸው አይደለም፤ ስለሚጽናኑ ነው። የሚራቡት ብፁዓን የተባሉት ረሃብ በራሱ ጥሩ ስለሆነ አይደለም፤ ስለሚጠግቡ ነው። የእኔ ወረቀት የመጀመሪያውን ክፍል ዘጠኝ ጊዜ ጽፎ ሁለተኛውን ዘጠኝ ጊዜ ቆርጦ ጥሎታል።

በተቆረጠው ክፍል ውስጥ ደግሞ ሠሪው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ያዘኑትን የሚያጽናና ማን ነው? የተራቡትን የሚያጠግብ፣ የሚምሩትን የሚምር፣ የሚያስታርቁትን ልጆቼ ብሎ የሚጠራ ማን ነው? እግዚአብሔር ነው። የዋሆች ምድርን ይወርሳሉ ሲባልም ርስት እንዴት እንደሚገኝ የሀገራችን ሰው ያውቃል፤ ርስት በልጅነት የሚወረስ እንጂ በገበያ የሚሸመት አይደለም። እንግዲህ ሁለተኛው ክፍል ሲቆረጥ የሚቀረው የእኛ ሥራ ዝርዝር ብቻ ነው፤ የሚጠፋው ደግሞ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር ይህ ነው። አንቀጸ ብፁዓን ወደ ሰንጠረዥ የሚለወጠው መስመሮቹ ስለተቆጠሩ አይደለም፤ «እስመ» ስለተዘለለች ነው።

የአነጋገሩንም መልክ እንመልከት። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 20 ያሉት ዐሥርቱ ትእዛዛት ትእዛዝ መሆናቸው ከአነጋገራቸው ይታወቃል፤ አድርግ፣ አታድርግ ይላሉ። በአንቀጸ ብፁዓን ግን ከቁጥር 3 እስከ 11 ድረስ አንድም የትእዛዝ ግሥ የለም። ትእዛዝ የሚመጣው በቁጥር 12 ላይ ነው፤ እርሱም የታዘዙት ደስ እንዲላቸው ነው። አበው መምህራን «ብፁዕ» የሚለውን ቃል ንዑድ፣ ክቡር ብለው ይፈቱታል፤ የሚመሰገን፣ የሚከበር ማለት ነው። ቅድስት ኤልሳቤጥ እመቤታችንን ስላመነች ብፅዕት ብላ ባመሰገነቻት ጊዜ (ሉቃ. 1፥45) ትእዛዝ እየሰጠቻት አልነበረም፤ እግዚአብሔር ያደረገላትንና የሚፈጽምላትን አይታ እያደነቀች ነበር። ጌታችንም በተራራው ላይ ያደረገው ይህንኑ የሚመስል ነው።

ይህን የምለው ከራሴ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል በተረጎመባቸው ስብከቶቹ፣ በዐሥራ አምስተኛው ላይ፣ ጌታችን ይህን ትምህርት በምክር ወይም በትእዛዝ መልክ ሳይሆን በብፅዕና መልክ ያቀረበው ቃሉ ሸክም እንዳይሆንና የትምህርቱ በር ለሁሉ ክፍት እንዲሆን መሆኑን ያስረዳል። እገሌና እገሌ ብፁዓን ናቸው አላለምና፣ ባሪያም ቢሆን፣ ለማኝም ቢሆን፣ እንግዳም ሆነ ያልተማረ፣ ከዚህ ብፅዕና የሚከለክለው ነገር እንደሌለ ይናገራል። የእኔ ወረቀት ግን ያንን ወጣት ከልክሎት ነበር።

በተራራው ሥር የነበሩት

ሌላም ስሕተት ነበረኝ። ትምህርቴን የጀመርሁት ከምዕራፍ 5 ቁጥር 3 ነው። ወንጌላዊው ግን ታሪኩን የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። በምዕራፍ 4 ከቁጥር 23 እስከ 25 ጌታችን በገሊላ እየዞረ ሲያስተምርና ሲፈውስ እናያለን። ሰዎቹ በልዩ ልዩ ደዌ የተያዙትን፣ አጋንንት ያደረባቸውን፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን፣ ሽባዎችንም አመጡለት፤ ፈወሳቸውም። ከገሊላ፣ ከዐሥሩ ከተማ፣ ከኢየሩሳሌም፣ ከይሁዳና ከዮርዳኖስ ማዶ ብዙ ሕዝብ ተከተለው። ጌታችን ወደ ተራራው የወጣው ይህን ሕዝብ አይቶ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ወደ እርሱ ቀረቡ፤ ሕዝቡም ሰማ። ትምህርቱ ሲፈጸም የተገረመው ሕዝቡ እንደነበረ ምዕራፍ 7 ቁጥር 28 ይነግረናል።

እንግዲህ የመጀመሪያው የአንቀጸ ብፁዓን ጉባኤ እንደ እኛ ጉባኤ የተደባለቀ ነበር። ትናንት ሽባ የነበረ ሰው በዚያ ነበረ። ልጇን አዝላ የመጣች እናት ነበረች ብንል ከእውነት አንርቅም። መረቡን ትቶ የተከተለው ዓሣ አጥማጅም ነበረ። ከእነዚህ መካከል አንዳቸውም ብፅዕናውን ለማግኘት አስቀድመው የሞሉት ቅጽ አልነበረም። ፈውሱ ከትምህርቱ ቀደመ፤ ሥጦታው ከትእዛዙ ቀደመ። ይህን ቅደም ተከተል ሳናነብ ከቁጥር 3 ብንጀምር ጌታችን በፈተና አዳራሽ መግቢያ ላይ ቆሞ መስፈርት የሚያነብ ይመስለናል። ከምዕራፍ 4 ብንጀምር ግን በፊቱ ያሉትን ድሆችና ኀዘንተኞች እያየ የሚናገር አባት ሆኖ እናገኘዋለን።

ዳግመኛ ሳስተምር

ከወራት በኋላ ያንኑ ክፍል እንደገና እንዳስተምር ራሴ ጠየቅሁ። የተሰጠኝ ጊዜ ሃያ አምስት ደቂቃ ነበር። ያደረግሁትን በዝርዝር የምነግራችሁ ከእናንተ መካከል ለተደባለቀ ጉባኤ የሚያስተምሩ ስላሉ ነው።

በመጀመሪያ ንባቡን ከምዕራፍ 4 ቁጥር 23 ጀመርሁ። ብፁዓን ወደሚለው ስደርስ ንባቡን ለሁለት ከፈልሁት። የእያንዳንዱን መስመር የመጀመሪያ ክፍል ወጣቶቹ እንዲያነቡ፣ «ና» ያለበትን ሁለተኛውን ክፍል ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ እንዲመልሱ አደረግሁ። ሕፃናቱን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አለማመድኋቸው። በልምምዱ ላይ ያላሰብሁት ነገር ገጠመኝ። የሚምሩት ይማራሉና ሲባል አንዱ ልጅ እጁን አነሣና «ዲያቆን፣ የት ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት?» አለ። ሁላችን ሳቅን፤ ልጁ ግን ልክ ነበር። ምሕረት ማግኘትና ትምህርት መማር በአማርኛ አጻጻፋቸው አንድ ነው፤ ሕፃንም የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው። ከዚያ በኋላ «ይማራሉ ማለት እግዚአብሔር ይምራቸዋል ማለት ነው» ብዬ ነገርኋቸው። በአዋቂዎቹም ዘንድ «የዋህ» የሚለው ቃል ተመሳሳይ ችግር አለው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን የዋህ የምንለው በቀላሉ የሚታለለውን ሰው ነው፤ ጌታችን ግን በማቴዎስ ምዕራፍ 11 ቁጥር 29 የዋህ ብሎ የጠራው ራሱን ነው። ለተደባለቀ ጉባኤ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ያሉ ቃላትን አስቀድሞ ካልፈታ እያንዳንዱ የየራሱን ትምህርት ሰምቶ ይሄዳል።

ሁለተኛው ውሳኔዬ ዘጠኙንም ካነበብን በኋላ የማብራራው ሦስቱን ብቻ እንዲሆን ነው። ዘጠኙን በሃያ አምስት ደቂቃ ማብራራት ማለት ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ አለመስጠት ነው፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ «እንዲህ መሆን ይገባናል» ከማለት በቀር የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ ጊዜው ራሱ ወደ ዝርዝር ይገፋል። ሦስቱን የመረጥኋቸው በእጄ ከነበሩት ሦስት ወረቀቶች ነው።

ስለሚያዝኑት ከማስተማሬ በፊት እንደገና ወደ የኔታ ሄጄ ነበር። አባቶች ይህን ኀዘን ስለ ኃጢአት የሚሆን ኀዘን ብለው እንደሚተረጉሙት አውቃለሁ፤ ዮሐንስ አፈወርቅም እንዲሁ ይላል። ታዲያ ልጃቸውን ለቀበሩት እናት ምን እላቸዋለሁ? ትርጓሜውን ብተው አጎድላለሁ፤ ትርጓሜውን ብቻ ብናገር «የእርስዎ ኀዘን አይቆጠርም» ማለት ይሆንብኛል። የኔታ «አንድም የምንለው ለምን ይመስልሃል?» አሉኝ። «ስለ ኃጢአት ማዘን ዋናው ነው፤ እርሱን አትተው። ነገር ግን አጽናኙ አንድ ነው። ያቺ እናት ከአንተ ቀድማ አልቅሳለችና ስለ ልቅሶ አታስተምራት፤ ስለሚያጽናናት ንገራት።»

እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 61 የተቀባው መሲሕ ኀዘንተኞችን ሁሉ ሊያጽናና እንደሚላክ መናገሩን፣ ጌታችንም በናዝሬት ምኵራብ ከዚሁ ምዕራፍ አንብቦ ዛሬ ተፈጸመ ማለቱን (ሉቃ. 4፥16-21) አስረዳሁ። በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እርሱ ራሱ ማልቀሱንም አነሣሁ። ስለ ኃጢአቱ የሚያለቅስም፣ ስለ ሞተበት ሰው የሚያለቅስም ወደ አንድ አጽናኝ ነው የሚያለቅሰው። ኀዘን እንዲያቆሙ ለማንም አልነገርሁም፤ ተስፋው «ይጽናናሉ» ይላል እንጂ መቼ እንደሆነ ቀን አይቆርጥምና።

ጽድቅን ስለሚራቡት ስናገር ያ ወጣት በኋላ ወንበር ላይ ነበር፤ በስልክ ለምኜው የመጣ ነው። የተራበ ሰው ማለት የሌለው ሰው ነው። ጌታችን ጽድቅ ያላቸውን፣ የጠገቡትን ብፁዓን አላለም፤ የጎደላቸውንና መጉደሉ የሚያማቸውን ነው። በእኔ ሰንጠረዥ ላይ ረሃብ የሚጻፍበት ሣጥን አልነበረም፤ ሣጥኑ የሚቀበለው የተገኘውን ብቻ ነውና። ባዶ ወረቀት አጥፎ የመለሰ፣ ባዶነቱም ያሳፈረው ሰው፣ ከመጀመሪያውም ከአራተኛውም መስመር ሩቅ አይደለም። ይህን ያልሁት ማንንም ሳላይ ነው።

ስለሚምሩት ግን ለሕፃናቱ ተናገርሁ። በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ያለውን የዐሥር ሺህ መክሊት ባለ ዕዳ ታሪክ ነገርኋቸው። ባሪያው ያን ያህል ዕዳ ተትቶለት ወጣ፤ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን ግን አነቀው። «ስሕተቱ የት ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ያቺ ስድሳ ሦስት ሣጥን የሞላችው ልጅ «እርሱን እንደማሩት ረሳ» አለች። እኔ በአንድ ገጽ ማስታወሻ ልናገረው ያሰብሁትን እርስዋ በሦስት ቃል ጨረሰችው። ምሕረት የሚጀምረው ምሕረት ከተቀበለ ሰው ነው፤ የሚያልቀውም ምሕረት በሚያስፈልገው ሰው ዘንድ ነው።

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

ትምህርቱ ሲያልቅ አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። «ዲያቆን፣ ደስ ይላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ እግዚአብሔር የሚያደርገው ከሆነ እኛ ምን እናድርግ? ልጆቹ ሥራ የለም ብለው እንዳይሄዱ» አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ እኔም ልሸሸው አልፈልግም። ከሰንጠረዡ የሸሸ ስብከት የሚወድቅበት ሌላ ጉድጓድ አለና። እርሱም ሁላችሁ እንደሆናችሁ ብፁዓን ናችሁ ብሎ ሰውን በተኛበት ትቶ መሄድ ነው።

ጌታችን ትእዛዝ አልሰጠም ማለት አንችልም። በዚያው ምዕራፍ 5 ውስጥ በወንድም ላይ አለመቆጣት፣ መባን በመሠዊያ ፊት ትቶ ሄዶ መታረቅ፣ ጠላትን መውደድ ታዝዘዋል። ስብከቱም የሚደመደመው ቃሉን ሰምቶ በሚያደርገውና በማያደርገው ሰው ምሳሌ ነው። ነገር ግን እነዚህ ትእዛዛት የመጡት ከቁጥር 21 በኋላ ነው። መጀመሪያ ብፅዕናው ተነገረ፤ ቀጥሎ የምድር ጨውና የዓለም ብርሃን መሆናቸው ተነገራቸው፤ ትእዛዙ ከዚያ በኋላ መጣ። ልጅ መሆኑን ያወቀ ሰው የአባቱን ቤት ሥራ ይሠራል፤ ልጅ ለመሆን ግን አይቀጠርም።

ዮሐንስ አፈወርቅም በዚያው ስብከቱ ብፅዕናዎቹን አንዱ ለሚቀጥለው መንገድ እንደሚከፍት የወርቅ ሰንሰለት አድርጎ ያያቸዋል። ትሑት የሆነ ስለ ኃጢአቱ ያዝናል፤ ያዘነ የዋህ ይሆናል፤ የዋህ የሆነ ይምራል። ይህ እድገት ነው፤ ድካምም አለበት፤ ጾምና ጸሎት፣ ንስሓና ሥጋ ወደሙ የሌሉበት መንገድ አይደለም። ከሰንጠረዥ የሚለየው ግን በሰንጠረዥ ላይ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ቆሞ ነጥብ የሚጠብቅ ሲሆን፣ በሰንሰለት ላይ እያንዳንዱ ከቀደመው የሚወለድ በመሆኑ ነው፤ የመጀመሪያውም ቀለበት ባዶ እጅ ነው።

ለእኚያ አባት የመለስሁላቸውም ይህንኑ ነው። የዚያን ዕለት የቤት ሥራ አልሰጠሁም፤ «በዚህ ሳምንት አንዷን ‹ና› ይዛችሁ ጸልዩባት» ብቻ አልሁ። አንዱ «እንድጽናና»፣ ሌላው «እንድጠግብ»፣ ሌላው «እንድማር» ብሎ ይለምናል፤ የለመኑትን የተቀበሉ ደግሞ ለሌላው ይሰጣሉ። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሙሉ በሙሉ እንደተስማሙ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ለማስተማር የምትዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ጉዞ አንዲት መመርመሪያ ይዣለሁ። ማስታወሻችሁን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከግሦቹ ሥር አስምሩና የእያንዳንዱን ባለቤት ጠይቁ። «እንሁን»፣ «ይገባናል»፣ «አለብን» የሚሉት ብቻ ከበዙና እግዚአብሔር የሚያደርገው አንድም ግሥ ከሌለ፣ በእጃችሁ ያለው የእኔ ወረቀት ነው። እግዚአብሔር የሚያደርገው ብቻ ካለና ለሰው የቀረ ምላሽ ከሌለ ደግሞ የእኚያን አባት ጥያቄ ገና አልሰማችሁም።

ያ ወጣት ዛሬም አንዳንድ እሑድ ይመጣል፤ አንዳንድ እሑድ ይቀራል። እናታችን ጥቁራቸውን ገና አላወለቁም። ሕፃናቱ ስለሚያዝኑት የተነገረውን ሁለተኛ ክፍል በአንድ ድምፅ ሲመልሱ ግን በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሲወጡ በሩ ላይ አስቆሙኝና «ልጄ፣ ያን ጊዜ የሰጠኸኝ ወረቀት ላይ ይህ አልነበረም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ አልነበረም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።